«ደም አለሽ» ተብላ የተመለሰች ሯጭ፦ ስለ ብረት እጥረት ጥያቄና መልስ

የሯጭ እህት፣ ደብረ ብርሃን፦ እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ 10 ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከልምምድ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ሄሞግሎቢኗ 12.6 ነው ተባለ፣ «ደም አለሽ» ብለው መለሷት። አሰልጣኟ ስንፍና ነው ይላል። ምን እናድርግ?

መላሽ፦ ፌሪቲን አስለኳት። ሰውነት ብረት ሲያጥረው መጀመሪያ ጎተራውን ነው የሚያራግፈው፣ የደሙ ቁጥር የሚወርደው ጎተራው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ሄሞግሎቢን ገበታ ላይ የቀረበውን ሲያሳይ ፌሪቲን ጎተራው ውስጥ የቀረውን ያሳያል። ሯጭ ደግሞ ደሙ ገና ሳይወርድም አቅሙ ሊቀንስ ይችላል፣ ጡንቻውም ብረት ይፈልጋልና።

12.6 ራሱ የሚያከራክር ቁጥር ነው። ለሴት 12 የሚባለው ወሰን ለቆላ ነዋሪ የወጣ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ወሰኑ ከ1.5 በላይ ከፍ እንዲል ይመክራል። በዚያ ስሌት እህትሽ ደም አንሷታል። በሌላ በኩል በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ሲለካ ሄሞግሎቢናቸው በከፍታው ምክንያት እንዳልጨመረ አግኝቷል። ስለዚህ ለእኛ ደገኞች ትክክለኛው ወሰን የትኛው እንደሆነ እስካሁን ስምምነት የለም። በዚህ ቁጥር ብቻ ጤነኛ ናት ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስንፍና ስለሚባለው፣ የልብ ምቷን ቁጠሩ። በለመደችው ዝግ ያለ ሩጫ፣ በዚያው ሜዳና በዚያው ፍጥነት፣ ምቷ ከወትሮው በ10 ወይም በ15 ከፍ ካለ ሰነፍ አይደለችም። ከልምምድ ብዛት የመጣ ድካም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀን ዝግ ብላ ስትሮጥ ይቀልላታል፤ የብረቱ ግን አይለቃትም። አፈር ወይም በረዶ መብላት እያማራት እንደሆነም በቀስታ ጠይቂያት፤ ይሄ የብረት እጥረት ምልክት ነው፣ ብዙዎች ግን አፍረው ይደብቁታል።

አሰልጣኝ፣ ደብረ ሲና፦ የሯጭ ደም በልምምድ ይቀጥናል እንጂ አያንስም። ጤፍ የሚበላ ሰውም ብረት አያጣም። ይሄ ሁሉ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው።

መላሽ፦ አሰልጣኝ፣ መቅጠኑ ላይ ልክ ነዎት። በልምምድ የደሙ ውሃ ይጨምራል፣ ሄሞግሎቢን ትንሽ የወረደ ይመስላል፤ ይሄ ጤናማ ነው። ግን ደሟ የቀጠነባት ሯጭ በሰዓቷ ትገባለች፣ ፌሪቲኗም ደህና ነው፣ የእያንዳንዱ ቀይ ደም ሕዋሷም መጠን አይቀንስም። ሁለቱን የሚለየው እርስዎ ያልወደዱት ምርመራ ነው።

ጤፍ ላይ ግን አልስማማም። ሲመረመር ከሚገኝበት ብረት ብዙው በአውድማ በሬ እየረገጠው የገባ የአፈር ብረት ነው፣ ያንን አንጀት እምብዛም አይወስደውም። የእህሉን የራሱንም ብረት ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። እርሾ ያሰረውን በከፊል ይፈታል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። በሶ ግን ተቆልቶ የተፈጨ እንጂ የቦካ አይደለም፣ ለጉልበት ጥሩ ነው፣ በብረት ግን አይታመኑበት።

ተማሪ፣ መንዝ፦ በጾም ምን ልብላ ታዲያ? ምስርና ሽሮ ነው ያለን።

መላሽ፦ ምስር ጥሩ መነሻ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 3 ሚሊግራም ያህል ብረት አለው፤ ችግሩ ከዚያ ውስጥ ትንሹ ብቻ መግባቱ ነው። እዚያው ማዕድ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ቁረጪበት። የቃሪያው ቫይታሚን ሲ ሲበስል ስለሚቀንስ ወጡ ውስጥ የገባው አይበቃም። ቡናና ሻይ ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቁ። ከምሳ እጅ ታጥቦ ወዲያው ሻይ የሚጠጣበት ቤት ውስጥ የምስሩ ብረት ከግማሽ በላይ ሊባክን ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ሥጋ፣ በተለይ የበሰለ ጉበት፣ በሳምንት ሁለቴ ብትበዪ ከምስሩ ይልቅ በቀላሉ ይገባል።

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ብረት እንዳይገባ የሚዘጋውን ሆርሞን ያበዛል። እጥረቱ በምርመራ ከተረጋገጠ ይሄን ይዘሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ማራቶን ሯጭ፦ እኔ የአይረን ክኒን ገዝቼ በቀን ሦስት እየዋጥኩ ነው። ሆዴ ደረቀ፣ ሰገራዬ ጠቆረ። ጓደኞቼ መርፌው ይሻላል ይሉኛል። ለጉልበቴ ደግሞ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ።

መላሽ፦ ሳትመረመር ነው የጀመርከው? እንግዲያው አቁምና ፌሪቲን ተለካ፤ ትርፍ ብረት ጉበት ላይ ይከማቻል። እጥረት ቢገኝም ሦስት መዋጥ አይጠቅምህም፣ የመጀመሪያው ክኒን ራሱ ቀጣዩ እንዳይገባ በሩን ይዘጋል። 60 ሚሊግራም ብረት ያለው አንድ ክኒን በቀን ወይም ቀን ዘልሎ ይበቃል፣ ቀን ዘልሎ ሲሆን ለሆድም ይቀላል። ጠዋት ከሩጫ በፊት ወይም ከሩጫ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሎሚ ውሃ ዋጠው። ከከባድ ልምምድ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙው አይገባም። ከወተት፣ ከሻይና ከጨጓራ መድኃኒት ጋር አታገናኘው።

ክኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ ያ አያስፈራም። አንተ ግን ጨጓራ ሊያቆስል የሚችለውን ዲክሎፌናክም ትወስዳለህ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ጨጓራህ እየደማ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬውኑ ታይ። ወንድ ብረት ሲያጣ ደሙ የሚፈስበት ቦታ መፈለግ አለበት።

መርፌውን ሐኪም ለይቶ ካላዘዘው አትሞክረው። ብረት ራሱ የተከለከለ አበረታች ንጥረ ነገር አይደለም፤ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ከሆስፒታል ሕክምና ውጭ በፀረ አበረታች ሕግ ክልክል ነው። በጓሮ ክሊኒክ የተሰቀለ ግሉኮስ ከውድድር ሊያሳግድህ ይችላል።

የሯጭ እህት፦ ውጤቱ መጣ። ፌሪቲን 9፣ ኤም ሲ ቪ 78። በሦስት ሳምንት ውድድር አላት።

መላሽ፦ 9 ማለት የተቀመጠ ብረት የላትም ማለት ነው፤ ከ15 በታች ባዶ ይባላል፣ ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ከ30 ወይም ከ35 በታች ሲሆንም ያክማሉ። ኤም ሲ ቪ ከ80 መውረዱ የእያንዳንዱ ቀይ ደም ሕዋሷ መጠን ማነሱን ያሳያል፣ ስለዚህ ቀጥኖ ነው የሚለው ክርክር አበቃ። ውጤቱን ይዛችሁ ክኒኑን ሐኪም ይዘዝላት።

ሄሞግሎቢኗ መጨመር የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፣ የተቀመጠው ብረት ለመሙላት ግን ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ለዚህ ውድድር አይደርስላትም። ኢንተርቫሉን አቁማ ዝግ ባለ ሩጫ ትቆይ።

አሰልጣኝ፣ ደብረ ሲና፦ ዝግ ብላ ብትሮጠውስ? ምድቧ ላይ መታየት አለባት።

መላሽ፦ እሱን ከአሰልጣኟና ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ትወስን፤ እኔ ብሆን አላስገባትም ነበር። በ8 ሳምንት እንደገና ትለካ፤ ጉንፋን ወይም ቁስለት ፌሪቲንን በሐሰት ስለሚያሳድገው በታመመች ሳምንት አይሁን፣ ከከባድ ልምምድ ማግስትም አይሁን። ክኒኑን በትክክል ወስዳ ካልጨመረ የሆድ ትልና የጨጓራ ባክቴሪያ ይመርመሩ። የወር አበባዋ ከ7 ቀን በላይ የሚፈስ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይራት ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ አሁኑኑ ትንገረው።