ዳኛው ሲያደላ፦ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ ስለመሰረዝ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በኦሎምፒክ የግል ዳይቪንግ ሰባት ዳኞች ነጥብ ሰጥተው አራቱ ይሰረዛል። ሦስት ዳኛ ብቻ ማስቀመጥ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፤ የትኞቹ ሦስት ነጥቦች እንደሚቀሩ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። በእያንዳንዱ ዝላይ ሁለት ከፍተኛና ሁለት ዝቅተኛ ነጥቦች ይወጣሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ተደምረው በዝላዩ የአስቸጋሪነት ደረጃ ይባዛሉ። የሚሰረዘው ነጥቡ እንጂ ዳኛው አይደለም፤ በሚቀጥለው ዝላይ የዚያው ሰው ነጥብ መሃል ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ለአገሩ ልጅ የሚያደላ ዳኛ ምንም ማምጣት አይችልም።

መልስ፦ ይችላል፣ ግን ጥቂት ነው። ስድስት ዳኞች 7፣ 7.5፣ 7.5፣ 8፣ 8 እና 8 ሰጡ እንበል። ሰባተኛው በልቡ 7.5 ነው ያለው። እሱን ቢሰጥ የሚቀሩት 7.5፣ 7.5 እና 8 ናቸው፤ ድምሩ 23፣ የአስቸጋሪነት ደረጃው 3.0 ከሆነ 69 ነጥብ። አድልቶ 9.5 ቢሰጥ የራሱ ነጥብ ይሰረዛል፤ ነገር ግን ላይ ሊሰረዝ የነበረ አንድ 8 ወደ መሃል ይወርዳል። 7.5፣ 8 እና 8 ይቀሩና 70.5 ይሆናል። 1.5 ነጥብ አተረፈ ማለት ነው።

ዋናው ነገር ከዚህ በላይ መሄድ አለመቻሉ ነው። 8 ቢሰጥም፣ 10 ቢሰጥም ያው 70.5 ነው፤ ጣሪያውን የሚወስኑት ሌሎቹ ዳኞች ናቸው። ምንም ሳይሰረዝ የሰባቱን አማካኝ በ3 አባዝተን በዚያው 3.0 ብናሰላው ግን በ9.5 ትርፉ ወደ 2.6፣ በ10 ወደ 3.2 ይደርስ ነበር።

ጥያቄ፦ ተስማምተው ቢመጡስ?

መልስ፦ ሁለት ከሆኑ የሁለቱም ነጥብ ይወጣል። ሦስተኛ ሲጨመር የአንዳቸው የተጋነነ ነጥብ መሃል ይቀራል፤ ያኔ ጣሪያው ፈረሰ። በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ አምስት ዳኞች ሆነው ከላይና ከታች አንድ አንድ ስለሚሰረዝ ሁለት ሰው ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኛ ለትምህርት ቤት የዘፈን ውድድር አምስት ዳኞች አሉን። ኤክሴል ላይ ይህን ብናስገባም ከተራው አማካኝ አይለይም፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

```
=TRIMMEAN(B2:F2,0.2)
```

መልስ፦ ፋይሉ ደህና ነው። 0.2 ከሁለቱም ጫፍ በድምሩ የሚወጣው ድርሻ ነው። ከአምስት ነጥብ 0.2 አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ኤክሴል ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ለማውጣት ወደ ታች ወደ ሙሉ ጥንድ ስለሚያወርደው ዜሮ ይሆናል። 0.4 አድርጉት።

ሌላ አባል፦ ከዚህ ሁሉ መሃለኛውን ነጥብ ብቻ ብንወስድ አይቀልም? ከማጋነን የሚከላከለውም እሱ ነው።

መልስ፦ መከላከሉ እውነት ነው። ነገር ግን ነጥቡ የሚሰጠው በግማሽ በግማሽ ስለሆነ ብዙ ተወዳዳሪ እኩል ይወጣል፤ ሦስቱን መደመር ልዩነቱን ያወጣዋል።

ያው አባል፦ ሌሎቹ ያላዩትን ጥፋት በትክክል አይቶ ዝቅ ያደረገውን ዳኛስ አብረን አንሰርዘውም?

መልስ፦ እንሰርዘዋለን። ቁጥሩ ብቻውን ያደላውን ካስተዋለው አይለይም፤ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ቀመር የለኝም።