ከማብቂያው ቀን በፊት የሚያልፈው ቀን

በግዥና በውል አስተዳደር ሥራ ላይ አዲስ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፣

ከአቅራቢዎች ጋር የተገቡትን ውሎች የሚከታተል ሰንጠረዥ አዘጋጁ ስትባሉ፣ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የአቅራቢውን ስም በአንድ አምድ፣ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን በሌላ አምድ ትደረድራላችሁ። ከዚያ ከማብቂያው 30 ቀን ሲቀረው የሚያስታውስ ማንቂያ ትጨምራላችሁ። ሰንጠረዡ ያለቀ ይመስላል፤ ግን በራሱ ለሚታደስ ውል ምንም አይጠቅምም። እንዲህ ያለ ውል «ከማብቂያው ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ለተጨማሪ አንድ ዓመት ይታደሳል» ይላል። የእናንተ ማንቂያ ሲጮህ ውሉን የማቋረጥ መብት ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ስለዚህ የሰንጠረዡ ዋና ቀን ውሉ እንዳይታደስ የሚገልጸውን ማስታወቂያ ለመላክ የቀረው የመጨረሻው ቀን ነው። ሌሎቹ አምዶች በሙሉ ይህን አንድ ቀን በትክክል ለማውጣት የሚያገለግሉ ናቸው።

አንድ ውል ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። የፎቶኮፒ ማሽኖች ኪራይና ጥገና ውል ነው እንበል። ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኤክሴል ቀመሮች የሚያሰሉት በዚያ ነውና። ውላችሁ በሌላ አቆጣጠር ከተጻፈ መጀመሪያ ለውጡት፤ የውሉን የመጀመሪያ አጻጻፍ ደግሞ በአጠገቡ በሌላ አምድ አስቀምጡት።

ውሉ የተፈረመው ኦገስት 18, 2023 ነው። አንቀጽ 2 ውሉ የሚጸናው ከሴፕቴምበር 1, 2023 ጀምሮ ለ36 ወር ነው ይላል። አንቀጽ 14 ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት የእድሳት አንቀጽ ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ገና መነሻ ቀን ሲመዘገብ ነው። የፊርማው ቀን በመጨረሻው ገጽ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። የውሉ ዘመን የሚቆጠረው ግን ውሉ ራሱ «ይጸናል» ካለው ቀን ነው። አንዳንድ ውል ደግሞ መነሻውን በቀን ሳይሆን በክስተት ያስቀምጣል፦ «ማሽኖቹ ተተክለው ርክክብ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ»። ያን ጊዜ ቀኑ ከውሉ ውስጥ አይገኝም፤ የርክክቡን ሰነድ ፈልጋችሁ ከውሉ ጋር ማያያዝ አለባችሁ።

ከሴፕቴምበር 1, 2023 የጀመረ የ36 ወር ውል የመጨረሻ ቀኑ ኦገስት 31, 2026 ነው። ሴፕቴምበር 1 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንድ ቀን ጨምራችኋል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ ቀን ብዙ ነው። ከዚህ ሦስት ወር ወደ ኋላ ስንቆጥር ሜይ 31, 2026 ላይ እንደርሳለን። «ሦስት ወር» ያለውን «90 ቀን» ብሎ የመዘገበ ሰው ግን ጁን 2 ላይ ያርፋል፤ ሁለት ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩንና መለኪያውን ለየብቻ በሁለት አምድ መዝግቡ፦ 3 እና «ወር»፣ ወይም 90 እና «ቀን»። አንዱን ወደ ሌላው በጭራሽ አትለውጡ።

ገና አልጨረስንም። ሜይ 31, 2026 እሑድ ነው። «ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት» የሚለው ሐረግም ያንን ቀን ይጨምር አይጨምር ያከራክራል፤ አቆጣጠሩ ውሉ በሚገዛበት ሕግ ይለያያል። ለክርክሩ መልስ መፈለግ የሰንጠረዡ ሥራ አይደለም። በየትኛውም አተረጓጎም ቢታይ በጊዜው የደረሰ የሚሆነውን ቀን ውሰዱ፦ ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ዓርብ ሜይ 29።

አሁን ወደ አንቀጽ 19 እንሂድ፤ ስለ ማስታወቂያ አላላክ የሚናገረው ነው። ብዙ ሰው የእድሳቱን አንቀጽ አንብቦ ይህንን ይዘለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ገጽ በኋላ፣ ከጥቃቅን ድንጋጌዎች መሀል ተደብቆ ስለሚገኝ ነው። የእኛ ውል ማስታወቂያ በኩሪየር ለአቅራቢው ዋና መሥሪያ ቤት መላክ እንዳለበት፣ ከተላከ በሦስተኛው የሥራ ቀን እንደደረሰ እንደሚቆጠር፣ ኢሜይል ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይናገራል። በመሀል በዓል የለም ብንል፣ ሜይ 29 ደርሷል እንዲባል ታዲያ ከእናንተ እጅ ማክሰኞ ሜይ 26 መውጣት አለበት። የማብቂያው ቀን ኦገስት 31 ነበር፤ የሚያስፈልገን ቀን ሜይ 26 ሆነ።

በሰንጠረዡ ላይ ይህ ሁሉ በሦስት ቀመር ያልቃል። C ውሉ የሚጸናበት ቀን፣ D የመጀመሪያው ዘመን በወር፣ E የእያንዳንዱ እድሳት ርዝመት በወር፣ F እስካሁን ስንት ጊዜ እንደታደሰ፣ H የማስታወቂያው ጊዜ በወር፣ J እንደደረሰ እስኪቆጠር የሚወስደው የሥራ ቀን ይሁኑ፦

```
G2:  =EDATE(C2,D2+E2*F2)-1
I2:  =EDATE(G2,-H2)
K2:  =WORKDAY(I2,-1-J2,Holidays)
```

G ማብቂያው፣ I የማስታወቂያው ገደብ፣ K የመላኪያው የመጨረሻ ቀን ናቸው። የማስታወቂያው ጊዜ በቀን ከተነገረ I ላይ `=G2-H2` ይገባል። `Holidays` የምትሉት በዓላትን የዘረዘራችሁበት ክልል ነው፤ ደብዳቤው የሚደርስበትን አገር በዓላት ጭምር ጻፉበት። የሳምንቱ ዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ባልሆነበት ቦታ `WORKDAY.INTL` ተጠቀሙ። ሴሉ በቀን ፈንታ 46173 ብሎ ቢያሳያችሁ ስሌቱ አልተበላሸም፤ ሜይ 31, 2026 በኤክሴል ቁጥር ሲነገር ነው፤ የሴሉን ፎርማት ወደ ቀን ለውጡት።

G ሁልጊዜ ከመነሻው ቀን C እንደሚቆጥር ልብ በሉ። ያለፈውን ማብቂያ ይዞ 12 ወር መጨመር ቀላል ይመስላል፣ ግን ያሳስታል። ማርች 1, 2024 የጀመረ የ36 ወር ውል ፌብሩዋሪ 28, 2027 ያበቃል። በዚያ ላይ 12 ወር ብትጨምሩ ፌብሩዋሪ 28, 2028 ይሰጣችኋል፤ ዓመቱ ግን 366 ቀን ያለው ስለሆነ ትክክለኛው ማብቂያ 29 ነው። ከመነሻው ከቆጠራችሁ ይህ ስህተት አይገባም።

ስለ ቀን አጻጻፍም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዝም ብሎ የሚያጠፋ ስህተት ነውና። ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነና እናንተ ቀኑን አስቀድማችሁ ከጻፋችሁ፣ 31ኛ የሚባል ወር ስለሌለ 31/05/2026 እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ይህንን `=ISNUMBER(C2)` ያጋልጠዋል። 05/06/2026 ግን ሳያስታውቅ ከጁን 5 ወደ ሜይ 6 ይዞራል፤ ምንም ቀመር አይነቃበትም። ሁሉንም በ `2026-06-05` መልክ ጻፉ፤ ግራ የሚያጋባ ነገር አይቀርም።

ወደ ውሎቹ ንባብ ስትመጡ በፍለጋ ቁልፍ ብቻ አትተማመኑ። ስካን የተደረገ ሰነድ ምስል ስለሆነ ምንም አያገኝላችሁም። በአማርኛ የተጻፈውም ቢሆን «ይታደሳል»፣ «እድሳት»፣ «ይራዘማል»፣ «ጸንቶ ይቆያል» እያለ ይለዋወጣል፤ «ጽሑፍ» እና «ፅሁፍ» ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዓይን ማንበብን የሚተካ የለም። አንቀጹን ስታገኙ ቁጥሩን ብቻ አውጥታችሁ አትለፉ፤ የአንቀጹን ቁጥር፣ ገጹንና ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል በአንድ አምድ ገልብጡ። ከዓመት በኋላ «3 ወር» የሚለው ከየት መጣ የሚል ሰው ሲመጣ መልሱ እዚያው አጠገቡ ይገኛል።

የእድሳቱን ዓይነት የሚያሳይ አምድ ደግሞ የግድ ይኑር። በራሱ የሚታደስ፣ በስምምነት ብቻ የሚታደስ፣ በጊዜው የሚያበቃ፣ ጊዜ ያልተወሰነለት፤ አራቱ ይበቃሉ። በጊዜው የሚያበቃው አደጋው ተቃራኒ ነው፤ ዝም ከተባለ አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ማንቂያው አዲስ ግዥ በሚፈጀው ጊዜ ልክ ቀደም ይበል። ጊዜ ላልተወሰነለት ውል የማብቂያውን ሴል ባዶ ተዉት። 2099 ዓይነት የፈጠራ ቀን አትጻፉበት፤ የማስታወቂያውን ርዝመት ብቻ መዝግቡ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰንጠረዡን የሚያበላሸው የውል ማሻሻያ ነው። በእኛው ምሳሌ፣ በ2025 የተፈረመ የሁለት ገጽ ማሻሻያ ማሽን ለመጨመር ተብሎ ተጽፎ፣ በአራተኛው ነጥብ «የውሉ ዘመን እስከ ዲሴምበር 31, 2026 ተራዝሟል» ቢል፣ ከላይ ያሰላነው ሁሉ ይፈርሳል። ርዕሱ ስለ ማሽን ስለሆነ ማንም ለዘመኑ ብሎ አያነበውም። እያንዳንዱን ማሻሻያ እንደ አዲስ ውል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ፤ የቀየረውን አንቀጽ መዝግቡ። ዋና ውልና በሥሩ የሚወጡ የትዕዛዝ ሰነዶች ካሉም ለእያንዳንዱ የራሱ ረድፍ ይሰጠው፤ ዋናው ውል ሲቋረጥ ትዕዛዞቹ የየራሳቸውን ዘመን ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉና።

ማንቂያዎቹን ከK ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለምሳሌያችን ከሜይ 26 በፊት 90 ቀን፣ ፌብሩዋሪ 25 ላይ፣ ለአገልግሎቱ ተጠቃሚ ክፍል «ይቀጥል ወይስ ይቁም?» የሚል ጥያቄ ይሂድ። ደብዳቤው ደግሞ አሥር የሥራ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሜይ 12 ተፈርሞ ይውጣ። መካከል ያለው ጊዜ ለድርድርና ለፊርማ ነው፤ ፈራሚው ሰው ቢሮ የማይገኝበት ሳምንት ሁልጊዜ አለ። ማንቂያውን በአንድ ሠራተኛ ኢሜይል ላይ ብቻ አትሰሩት፤ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ማንቂያውም አብሮት ይሄዳል። የክፍሉ የጋራ አድራሻ ይሻላል።

ሰንጠረዡን ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት አሥር ውል ምረጡና የእናንተን አሞላል ያላየ ሌላ ሰው ከባዶ እንዲሞላቸው አድርጉ። ከዚያ የK አምዶችን አስተያዩ። ልዩነት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ቀን፣ ከወርና ቀን መደባለቅ ወይም ካልተነበበ ማሻሻያ የመጣ ነው፤ የቀሩትንም ውሎች በዚያው ነጥብ ላይ እንደገና ፈትሹ።

«ማስታወቂያ ተልኳል» የሚል ምልክት ስታደርጉም ረድፉን ገና አትዝጉት። የኩሪየሩ ደረሰኝና ተረካቢው የፈረመበት ማረጋገጫ ተቃኝቶ ከረድፉ ጋር እስኪያያዝ ድረስ ክፍት ይቆይ። አቅራቢው በሴፕቴምበር ለአዲሱ ዓመት ደረሰኝ ቢልክ ሒሳብ ክፍል የሚጠይቃችሁ ያንን ወረቀት ነው።