የታክሲ ሰልፍና አሥራ ሁለት ኪኒን

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በውስጥ ደዌ ሐኪምነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ የማናውቀውን ሰው መንገድ ላይ “ዱባ”፣ “ስንጥር”፣ “ወፍረሽ የለ እንዴ”፣ “ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው” ስለማለት ነው። ብዙዎቻችሁ ነገሩን የሚያናድድ፣ ግን ጉዳት የማያደርስ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ጉዳቱን በደም ግፊት መለኪያ ላይ ያነበብኩበት ቀን አለ፤ ከዚያ ልጀምር። ታካሚዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ዕድሜዋ 22 ነበር። በየቀኑ ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዛ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው ሥራዋ ትሄዳለች። ኩላሊቷ ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስ ሕመም ይዟት፣ ጠዋት ዐይኗ ሥር፣ ማታ እግሯ እያበጠ ወደ እኛ መጣች። ፕሬድኒሶሎን ጀመርንላት። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ አንድ ሚሊግራም። እሷ 60 ኪሎ ገደማ ስለነበረች፣ አንዱ ፍሬ ደግሞ 5 ሚሊግራም ስለሆነ፣ በየጠዋቱ ቁርስ በልታ 12 ኪኒን ትውጣለች። መድኃኒቱ ሠራ። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ በሽንቷ የሚወጣው ፕሮቲንም ቀነሰ።

ይኸው መድኃኒት ግን በዚህ መጠን ለሳምንታት ሲወሰድ መልክን ይለውጣል። የሰውነት ስብ ቦታውን እየለቀቀ ጉንጭ ላይ፣ ማጅራት ላይና ሆድ ላይ ይከማቻል። እጅና እግር ይቀጥናሉ፣ ፊት ግን እንደ ሙሉ ጨረቃ ይከባል። ረሃቡም ከባድ ነው፤ ሌሊት እንጀራ ፍለጋ የሚነሱ ታካሚዎች ነበሩኝ። አንዳንድ ሴቶች ብጉር ይወጣባቸዋል፣ አገጫቸው ላይም ስስ ፀጉር ይታያል። ይህ ሁሉ መጠኑ ሲቀነስ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። እኔ ጨው እንድትቀንስ፣ ጨጓራዋን ካቃጠላት እንድትነግረኝ አስጠንቅቄያት ነበር። ስለ ፊቷ ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር፤ በዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መንገዱ ግን ተናገረ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ የቆሙ ልጆች “ጉንጯን አየህ?” ይባባላሉ። አንድ ረዳት “እናቴ፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍይው” አላትና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሥራ ቦታዋ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡ፣ ስሟን እንኳ የማያውቁ አንዲት ባለሱቅ ደግሞ ከልባቸው “እሰይ! አምሮብሻል፣ ተመችቶሻል” ይሏታል። በኋላ እንደነገረችኝ ከሁሉም በላይ የከበዳት የእኚህ ሴት ምርቃት ነው። ረዳቱን መጥላት ትችላለች፤ በደግ ልብ ለተናገሩ እናት ግን ፈገግ ብሎ ከማለፍ በቀር መልስ የላትም። መጀመሪያ ሰልፍ ትታ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ቀጥሎ ፊቷን በነጠላ መሸፈን ያዘች። በስምንተኛው ሳምንት 12ቱን ኪኒን በራሷ ወደ 6 አወረደች፤ በዘጠነኛው ሳምንት ጨርሳ ተወችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነሱ በየቀኑ የሚያመነጩት ኮርቲሶል የተባለ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን የሚሠራ ሆርሞን በኪኒን ሲተመን ከአንድ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ትንሽ ብትመስልም ግን ያለ እሷ የደም ግፊት አይቆምም። በአፍ 12 ኪኒን ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ዕጢዎቹ እስኪነቁ ድረስ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። መንቃታቸው አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። በድንገት ያቆመ ሰው በመጀመሪያ ድካም ይሰማዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሲነሳ ያዞረዋል። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ሊሞት ይችላል።

ባቆመች በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። ወንድሟ አቅፎ ድንገተኛ ክፍል ሲያስገባት ግፊቷ ወደ 70 በ40 ወርዶ ነበር። የጎደላትን ኮርቲሶል የሚተካ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በደም ሥር ሰጠናት፣ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽም በፍጥነት ገባላት፤ ማታ ላይ ቀና ብላ መናገር ቻለች። ለምን አቆምሽው ስላት ስለ ኪኒኑ አላወራችኝም። “ዶክተር፣ ታክሲ ውስጥ መግባት አቃተኝ” ነው ያለችኝ።

ያ ረዳት ክፉ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። እኔን ያሳሰበኝ የማያውቃትን ሴት አካል ተመልክቶ ጮክ ብሎ የመናገር መብት ከየት አገኘ የሚለው ነው። ብዙ አስቤበታለሁ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር “ከሳህ” የሚለው ቃል ብቻውን አይመጣም ነበር። ያለችህ ጎረቤት በማግሥቱ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ ከባሰብህም ባሏ ትከሻህን ደግፎ ሐኪም ቤት ያደርስሃል። ቃሉ ዕዳ ነበረው። ሰው አካልህን አይቶ የመናገር መብት የሚያገኘው ሸክምህን አብሮህ ስለሚሸከም ነው። ከተማው ሲሰፋ ዕዳው ወደቀ፣ አፉ ግን ቀረ። ፒያሳ ላይ የማላውቀው ሰው “ምን ሆነህ ነው የከሳኸው?” ቢለኝ የአያቱን ቃል ይናገራል እንጂ አጥሚት አያመጣም፤ ስሜንም አይጠይቅም።

ለከፋው ደግሞ ከዚህ ይለያል። የሚለክፉ ልጆችን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ቃሉን ከወረወረ በኋላ ልጁ የሚያየው ልጅቷን አይደለም፤ ዞሮ የጓደኞቹን ፊት ነው የሚያየው። ሳቁ ካለ ይደግመዋል፣ ከሌለ አይደግመውም። የእሷ አካል በሁለት ወንዶች መካከል ለሚደረግ ጨዋታ መጫወቻ ይሆናል። እሷ ብትመልስ ጨዋታው ይደምቃል፣ ዝም ብትል “ኮራች” ይባላል። ስለዚህ ለተለካፊዋ “እንዲህ ብለሽ መልሺ” የሚል ምክር የለኝም። ልማዱ የሚሰበረው ከሳቁ በኩል ነው። አጠገቡ የቆምከው አንተ ያልሳቅህ ቀን፣ “ተው፣ ምን ሆና እንደሆነ ታውቃለህ?” ያልክ ቀን፣ ቃሉ የሚያርፍበት ያጣል።

በዚህች ከተማ ስለ መክሳት የሚነገር ቃል ተጨማሪ ጭነት እንዳለውም እወቁ። እናንተ ትንንሽ ነበራችሁ ወይም አልተወለዳችሁም፤ እኛ ግን “ከሳ” ማለት “ኤች አይ ቪ አለበት” ማለት የነበረበትን ዘመን ኖረናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከምንሰጣቸው አንዱ ስታቩዲን ይባላል። ስንቱን ከሞት አተረፈ፣ ግን በጊዜ ብዛት የጉንጭን ስብ ያሟሽሽ ነበር። ፊቱ ጎድጎድ ያለ፣ የክንዱ ሥር የተገተረ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሰፈሩ በሙሉ ምርመራ ያነበበ ይመስለው ነበር። እኛ የምናየው ሌላ ነበር፤ ያ ሰው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ፣ ደሙ እየተሻለው ነው። መድኃኒቱ በኋላ በሌላ ተተካ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ከእሱ እንዲወጡ መክሯል። ፊታቸው ስላጋለጣቸው ብቻ ክትትላቸውን ከቤታቸው ርቆ ወዳለ ጤና ጣቢያ ያዛወሩ ሰዎችን ግን አልረሳም።

እንግዲህ ስለማታውቁት ሰው አካል መናገር ፈጽሞ አይገባም ወይ? ይገባል፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። ሰውየው በዚያች ደቂቃ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ከሆነ፣ እሱም ባያውቀው የሚጎዳ ከሆነ፣ ተጠግታችሁ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ጊዜ ንገሩት። ቀሚሷ ላይ ደም ያለባት ልጅ አለች፣ እግሩ እየደማ ያላወቀ ሽማግሌ አለ። ሲያዞረው፣ ሲንገዳገድ ያያችሁትን ሰው ደግፋችሁ “ላስቀምጥዎት?” በሉት። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ክብደትም ቁመትም የቆዳ ቀለምም ጠባሳም፣ ባለቤቱ ከእናንተ በፊት በመስታወት ያየው ነው።

ሐኪም መሆን እንኳ ይህን በር አያሰፋውም። አንድ ጊዜ ለገሃር ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አንገት ላይ ትልቅ እንቅርት አየሁ። ለራሴ ብዙ ተከራከርኩና ስንወርድ ጠጋ ብዬ “ይቅርታ እህቴ፣ ሐኪም ነኝ፣ አንገትሽን ታይተሻል ወይ?” አልኳት። አራት ዓመት ክትትል ላይ ነበረች፤ የቀዶ ሕክምና ቀንም ተይዞላታል። “አመሰግናለሁ፣ ግን ዛሬ የጠየቁኝ ሦስተኛው ሰው ነዎት” አለችኝ። ሳትቆጣ ነው የመለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ዕጢም ሆነ ሌላ የቆየ ነገር ባይ፣ ሰውየው ራሱ ካልጠየቀኝ አልናገርም። መተንፈስ ያቃተውን ወይም ራሱን የሚስተውን ሰው ግን አላልፍም።

ወደ ታካሚዬ ልመለስ። ከሆስፒታል ስትወጣ ፊቷ መቼ እንደሚከብ፣ መቼ እንደሚመለስ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርገን አብረን ቁጭ ብለን አየን። ከእሷ በኋላ ይህን መድኃኒት ላስጀመርኩት ሰው ሁሉ ከጨጓራው በፊት የምነግረው ስለ ፊቱ ነው። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀጠሮዋ ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ጠዋት በማለዳ እንዲሆን። አደረግንላት። መጠኑን በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ኪኒን እየቀነስን ወራት አለፉ፣ ጉንጯም ጎደለ፣ የድሮው ፊቷ ተመለሰ።

በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ለክትትል መጥታ ስትቀመጥ ፊቷ ጥቁር ብሏል። ያቺ ባለሱቅ ጠዋት አግኝታት “ውይ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?” ብላታለች። የላቦራቶሪ ወረቀቷን ገልጬ አሳየኋት። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አልነበረም፤ መድኃኒቷም አንድ ኪኒን ደርሶ ነበር።