ርዕሱ አንድ፣ ኅትመቱ ብዙ፦ አንድን ዘፈን ለትክክለኛው አልበም ስለመስጠት

«ጋሼ፣ ከሐረር ነው የምጽፍልዎ። አጎቴ በተወልኝ ፍላሽ ውስጥ የማሕሙድ አሕመድ “ኧረ መላ መላ” ከሌሎች አራት ዘፈኖች ጋር በ`FLAC` አለኝ። የአልበም ስም የለውም፤ ዓመቱ 1978 ይላል። ፒካርድ በሚባለው ፕሮግራም `Scan` ባልኩት ቁጥር ግን ርዕሱ አንድ የሆነ የተለያየ አልበም ያመጣልኛል። የትኛው ውስጥ ላስገባው? ፋይሎቹን ልኬልዎታለሁ።»

ፕሮግራሙ የሚዋልለው ከአቅሙ በላይ የሆነ ጥያቄ ስለቀረበለት ነው። `Scan` የሚያዳምጠው ድምፁን ብቻ ስለሆነ፣ ሊነግርዎ የሚችለው ይህ የትኛው ቀረጻ እንደሆነ ነው። ቀረጻው በሦስት ኅትመቶች ላይ ከወጣ ደግሞ የሦስቱም የድምፅ አሻራ አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከሦስቱ አንዱን የሚመርጥልዎ በ`Options` ውስጥ `Preferred Releases` በሚለው ገጽ ላይ የተቀመጠው ቅድሚያ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ የዘፈኑን ማንነት ለፕሮግራሙ ይተዉለትና አልበሙን ከድምፁ ውጭ ባሉ ምልክቶች ይፈልጉ።

የእርስዎ ዘፈን ችግሩን በሚገባ የሚያሳይ ነው። በ1975 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካይፋ ሪከርድስ በዚህ ርዕስ ሸክላ አወጣ። በ1986 የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ ከ1975 እና ከ1978 የካይፋ ሸክላዎች የመረጣቸውን ዘፈኖች አንድ ላይ አድርጎ፣ በዚያው ርዕስ ስብስብ አሳተመ። በ1999 ደግሞ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ የኢትዮፒክስ ተከታታይ 7ኛ ቅጽን በዚሁ ስም ሰየመ። ሦስቱም በስም አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን የአንድ ጊዜ ሸክላ ሲሆን የክራምዱ ከተለያዩ ዓመታት የተሰበሰበ ነው፤ መንገዱን የሚከፍትልን ይህ ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ ዓመቱን እንመልከት፤ በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። 1978 የሚለው ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ የሁለተኛው የካይፋ ሸክላ ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን እስከ ጳጉሜን ድረስ ያለውን አብዛኛውን የ1986 ክፍል ስለሚሸፍን፣ የክራምድን ስብስብ ሊያመለክት ይችላል። በተመሳሳይ መንገድ ለ1975ቱ ሸክላ አንዱ ሰው 1967፣ ሌላው 1968 ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ መስከረም መካከል ላይ ስለገባ ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ባየሁ ቁጥር «ሌላ ኅትመት ነው» ከማለቴ በፊት «ሌላ አቆጣጠር ይሆን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፋይሉ ላይ ያለው ዓመት ማን እንደጻፈው ካልታወቀ በቀር ብቻውን ምንም አይወስንም።

ከዓመት ይልቅ የሚታመኑት አብረውት ያሉት ዘፈኖች ናቸው። አምስቱን ፋይሎች በአንድነት መርጠው መጀመሪያ `Cluster`፣ ቀጥሎ `Lookup` ይበሉ፤ እያንዳንዱን ለብቻው `Scan` ካደረጉት ጎረቤቶቹ የሚሰጡትን ምስክርነት ይጥሉታል። ከላኩልኝ አምስት ፋይሎች ሁለቱ በ1978ቱ ሸክላ ላይ የወጡ ዘፈኖች ሆነው አገኘኋቸው። አምስቱ ከአንድ ምንጭ የተገኙ ከሆኑ፣ የ1975ቱ ሸክላ ከምርጫው ወጥቷል ማለት ነው፤ በ1975 የታተመ ዕቃ በ1978 የተቀረጸ ዘፈን ሊይዝ አይችልምና።

«ከአንድ ምንጭ ከሆኑ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በምሠራበት ክፍል የአንድ ደንበኛን ካሴቶች ወደ ፋይል ስገለብጥ፣ ከአልበም የተቀዳ የመሰለኝ አንድ ካሴት በትዕዛዝ የተለያዩ ሸክላዎች ተመርጠው የተቀዱበት ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቶቹን አምኜ ዘፈኖቹን በሙሉ ለአንድ ስብስብ ሰጠኋቸው፤ ደንበኛዬ ዋናውን ሸክላ ይዞ እስኪመጣ ድረስም ስህተቱን አላየሁትም። ስለዚህ ጎረቤቶቹን ከማመን በፊት ምንጫቸው አንድ መሆኑን መፈተን ያስፈልጋል።

ለዚህ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ሲዲ ድምፅን የሚያስቀምጠው ሴክተር በሚባሉ እኩል ቁርጥራጮች፣ በሰከንድ 75 አድርጎ ነው፤ በሰከንድ 44100 ናሙና የሚባል የድምፅ ልኬት ስላለ አንድ ሴክተር 588 ናሙና ይይዛል። ከሲዲ በቀጥታ የተገለበጠ ዘፈን ርዝመቱ ሁልጊዜ ለ588 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከሸክላ ወይም ከካሴት ገልብጦ በእጅ የተቆረጠ ፋይል ግን በአጋጣሚ ካልሆነ በቀር አይካፈልም፤ አጋጣሚውም ከ588 አንድ ያህል ነው። የናሙናውን ቁጥር በዚህ ትእዛዝ ያገኙታል፦

```
ffprobe -v error -select_streams a:0 -show_entries stream=sample_rate,duration_ts -of default=nw=1 01.flac
```

ልክ አምስት ደቂቃ የሆነ ዘፈን 13230000 ናሙና አለው፤ ለ588 ሲካፈል 22500 ሴክተር ይወጣል፣ ቀሪ የለውም። ቁጥሩ 13230200 ቢሆን 200 ይተርፋል፤ ያ ከሲዲ የተገለበጠ አይደለም፣ ወይም ከተገለበጠ በኋላ ሰው ቆርጦታል። ፈተናው የሚሠራው `sample_rate` 44100 ሲሆንና ፋይሉ `FLAC` ወይም `WAV` ሲሆን ነው፤ `MP3` ራሱ በመጀመሪያና በመጨረሻ ዝምታ ስለሚጨምር ርዝመቱን ያበላሸዋል። የሸክላ መንጫጫት መስማት ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ዋናው ቴፕ ሳይገኝ ከሸክላ ተወስዶ የተዘጋጀ ሲዲም ሊንጫጫ ይችላልና።

የእርስዎ አምስት ፋይሎች በሙሉ ያለ ቀሪ ተካፍለዋል። ይህ በአጋጣሚ ሊሆን ስለማይችል ፋይሎቹ ከሲዲ መጥተዋል፤ የቀሩን የክራምድ ስብስብና የኢትዮፒክስ 7ኛ ቅጽ ናቸው።

ሁለቱን ለመለየት ያንኑ የሴክተር ቁጥር ይጠቀሙ። ፒካርድ የአልበሞቹን መረጃ በሚያመጣበት በሙዚክብሬንዝ ድረ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ኅትመት ገጽ ከፍተው `Disc IDs` የሚለውን ይጫኑ፤ ሰው አስገብቶት ከሆነ የሲዲው መለያ ይወጣል፣ መለያውን ራሱን ሲጫኑት የእያንዳንዱን ዘፈን ርዝመት በሴክተር ተጽፎ ያገኙታል። አምስቱም ቁጥሮች ያለ አንድ ሴክተር ልዩነት ከአንደኛው ጋር ከገጠሙ ጥያቄው አልቋል። ሰከንዱ ገጥሞ ሴክተሩ ካልገጠመ ግን አይቀበሉት፤ ያው ቀረጻ ለሌላ ሲዲ እንደገና ሲዘጋጅ ከዘፈኑ በፊትና በኋላ የሚቀረው ዝምታ በጥቂት ሴክተር ይለዋወጣል፣ የምንፈልገውም ልዩነት እሱ ነው። አጻጻፉም መጠነኛ ፍንጭ ይሰጣል፤ የኢትዮፒክስ ሽፋን `Erè Mèla Mèla` እያለ ከፊደሎቹ ላይ ምልክት ስለሚያደርግ፣ በፋይሉ ስም ውስጥ ያንን ካዩ መጀመሪያ የሚመረምሩት እሱን ይሁን።

ከሁለቱም ጋር ካልገጠመ የአልበሙን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ በማስታወሻው መስመር ላይ «ከሲዲ የተገለበጠ፣ ኅትመቱ ያልተለየ» ብለው ይጻፉ፣ አምስቱንም ፋይሎች በአንድ አቃፊ ውስጥ ሳይለያዩ ያስቀምጡ። 1978 የሚለውንም አያጥፉት፤ አጎትዎ የጻፉት ከሆነ ሲዲውን በየትኛው አቆጣጠር እንደመዘገቡት ከሌሎች ፋይሎቻቸው ሊታወቅ ይችላል።