ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊት የሚሠራ ሂሳብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 27 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት ፕሮግራመር ነኝ፤ በእጄ የሚገባው 34,000 ብር ነው። ጎን ለጎን ለፋርማሲዎች ሽያጭና ክምችት የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሠርቼ በወር 1,500 ብር አስከፍላለሁ። በ6 ወር 47 ፋርማሲዎች ገብተዋል። የወጡት 9 ብቻ ናቸው፤ በወር 3 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። አሁን በየወሩ 10 አዲስ እያስገባሁ ነው። በዕቅዴ መሠረት የዛሬ ዓመት 128 ደንበኛና በወር 192,000 ብር ይኖረኛል። ሥራዬን ልልቀቅ? ዕቅዱንና የደንበኞቹን ዝርዝር ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አትልቀቂ። ሶፍትዌርሽ ጥሩ ነው፤ 38 ሰው በየወሩ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍልበት ነገር ቀላል አይደለም። ችግሩ ያለው 3 በመቶ ባልሽው ቁጥር ላይ ነው። ዝርዝርሽን ወር በወር አስቀምጬ ሳየው ሌላ ነገር ነው ያገኘሁት።

አንቺ ያደረግሽው 9ኙን ለ47 አካፍለሽ፣ የመጣውን 19 በመቶ ለ6 ወር መከፋፈል ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያሰላል። ግን ከ47ቱ 30ዎቹ የገቡት ባለፉት 3 ወራት ነው። ለመልቀቅ እንኳ ገና ጊዜ አላገኙም። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ወሩ ሲጀምር ከነበሩት ውስጥ በዚያው ወር ስንቱ ወጣ የሚለው ነው። በአንቺ ዝርዝር ከ2ኛው እስከ 6ኛው ወር፣ በየወሩ መጀመሪያ የነበሩት ደንበኞች 4፣ 10፣ 16፣ 25 እና 32 ናቸው። ድምሩ 87 ይሆናል። የወጡት 9 ናቸው። ስለዚህ ቸርንሽ፣ ማለትም በየወሩ ትቶሽ የሚሄደው የደንበኛ ድርሻ፣ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ባለፈው ወር ብቻ ካየሽው ደግሞ ከ32ቱ 4 ወጥተዋል፤ ያ ከ12 በመቶ ይበልጣል።

3 እና 10 በወረቀት ላይ ብዙም የሚራራቁ አይመስሉም። ኤክሴልሽን ክፈቺና ራስሽ እይው። B2 ላይ 38 ጻፊ፤ B3 ላይ ደግሞ ይህን አስገቢና እስከ B14 ድረስ ወደ ታች ጎትቺው፦

```
=B2*0.9+10
```

መጨረሻ ላይ የምታገኚው 82 ደንበኛ ነው። 128 አይደለም። ወርሃዊ ቋሚ ገቢሽ፣ ማለትም ኤምአርአር የሚሉት፣ 123,000 ብር አካባቢ ይሆናል። ካሰብሽው 69,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን መጎተትሽን ስትቀጥይ የምታዪው ነው። ቁጥሩ እያዘገመ ሄዶ 100 ጋ ሲደርስ ይቆማል። 100 ደንበኛ ሲኖርሽ 10 በመቶው ማለት 10 ሰው ነው። 10 ይገባል፣ 10 ይወጣል። የሽያጭ ልጅሽ እንደ ዛሬው እየሮጠ ድርጅትሽ አያድግም። ጣሪያውን ለማወቅ ብዙ ድካም አያስፈልግም፤ በወር የሚገባውን አዲስ ደንበኛ ለቸርኑ ማካፈል ነው። 10 ሲካፈል ለ0.10፣ 100። ቸርኑ 5 በመቶ ቢሆን ጣሪያው 200 ይሆን ነበር።

ኤምአርአሩን ራሱንም አስተካክዪው። ለመጫኛ የተቀበልሽው የአንድ ጊዜ ክፍያ አይገባበትም። ለዓመት አንድ ላይ 15,000 ብር የከፈሉት ሁለቱ ፋርማሲዎች በወር 1,250 ተብለው ይቆጠራሉ እንጂ፣ ገንዘቡ በገባበት ወር 15,000 ተብሎ አይጻፍም። ሌላም አለ። እኛ ጋ ደንበኛው በየወሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ራሱ ነው የሚልክልሽ። ከካርዱ ሳያስበው መቁረጥ ብዙም አልተለመደም። በየወሩ «ልክፈል ወይስ ልተው?» ብሎ እንደ አዲስ ይወስናል ማለት ነው። «ነገ እልካለሁ» እያለ ሁለት ወር የሚያስቆጥር ሰው ደንበኛ ነው ወይስ የወጣ? አሁን ላይ እንደ ስሜትሽ ነው የምትቆጥሪው። ደንብ አውጪለት። ቀኑ ካለፈ 30 ቀን የሞላው ወጥቷል ተብሎ ይመዝገብ፤ ተመልሶ ከከፈለ ተመላሽ ተብሎ ይጻፍ። ይህን ስታደርጊ ቁጥርሽ መጀመሪያ ላይ ይበላሻል። አትደንግጪ፤ እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው።

አሁን ወደ ወጪው እንሂድ። በዕቅድሽ ላይ አንድን ደንበኛ ለማቆየት የተጻፈው ወጪ የሰርቨርና የኤስኤምኤስ ብቻ ነው፤ 150 ብር። የድጋፍ ልጅሽ የታለች? ደመወዟ፣ ትራንስፖርቷና የስልክ ካርዷ ተደምሮ በወር 20,000 ብር እንደሚደርስ ራስሽ በሌላው ገጽ ጽፈሻል። 38ቱን ፋርማሲዎች ለማዳረስ ቀኗ ሙሉ እንደሚያልቅም ነግረሽኛል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ለ40 ፋርማሲ ብለሽ ያዢው። ለአንዱ 500 ብር ይደርሳል። ቁጥሩ ወደ 80 ሲያድግ ሁለተኛ ሰው ትቀጥሪያለሽ፤ 500ው አይቀንስም። ለሚበላሽ ፕሪንተርና ክፍያ ለማሳሰብ ለሚጠፋው 50 ብር ጨምሪበት። በድምሩ 700 ብር ነው። ከ1,500ው በእጅሽ የሚቀረው 800 ነው።

ሰርቨሩ በዶላር እንደሚከፈልም አትርሺ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ዋጋሽ በብር የታሰረ፣ ወጪሽ በዶላር የሚሮጥ ከሆነ ልዩነቱን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ውልሽ ላይ ዋጋ በየ6 ወሩ ሊታይ እንደሚችል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር።

በወር 10 በመቶ የሚወጣ ከሆነ አንድ ደንበኛ በአማካይ የሚቆየው 10 ወር ነው። 800 በ10 ሲባዛ 8,000 ብር። እሱን ለማምጣት ስንት አወጣሽ? ለሽያጭ ልጁ ኮሚሽን፣ ለማሳያ ጉዞና መጀመሪያ መድኃኒቶቹን ለሚመዘግበው ሰው የከፈልሽው ሲደመር ወደ 4,500 ብር ነው። ይህ ወጪ እስኪመለስ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። በሦስተኛው ወር የሚወጣ ፋርማሲ ከሰረብሽ ማለት ነው።

እንግዲህ የዛሬ ዓመቱን አስቢ። 82 ደንበኛ በ800 ብር 65,600 ይሆናል። ከዚያ ላይ 10 አዲስ ደንበኛ ለማምጣት 45,000 ይወጣል። የሚተርፈው 20,600 ብር ነው፣ ያውም ከግብር በፊት። ዛሬ ከምታገኚው ደመወዝ ያንሳል። ቸርኑን ወደ 5 በመቶ ብታወርጂው ግን፣ ሽያጭሽ ምንም ሳይጨምር፣ የዛሬ ዓመት 112 ደንበኛና 44,600 ብር ትርፍ ይኖርሻል። ሥራ መልቀቅ ስለሚባለው ነገር መነጋገር የምንችለው ያኔ ነው።

ይወርዳል ወይ? እኔ ይወርዳል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ዝርዝርሽ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ። ከወጡት 9 ውስጥ 7ቱ የወጡት በገቡ በ3 ወር ውስጥ ነው። 3ኛውን ወር ያለፉት በአብዛኛው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ቀዳዳው መግቢያው ላይ ነው። ሁሉም ደንበኛ በየወሩ በእኩል ፍጥነት አይወጣም፤ ከላይ የሠራሁት ሂሳብም በዚህ ረገድ ግምት ነው። ግምቱን የምታጠሪው ደንበኞችን በገቡበት ወር እየለየሽ በመከታተል ነው።

መግቢያው ላይ ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት አንድ የማውቃቸው የፋርማሲ ባለቤት ጋ ሄጄ ነበር። እሳቸውም እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ጀምረው ትተዋል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰው ይደረደራል። ሻጯ ኮምፒውተሩ ላይ ስትፈልግ የያዘችው መድኃኒት አልተመዘገበም። ወረፋው አያስጠብቅም፣ ስለዚህ «ማታ እገለብጠዋለሁ» ብላ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ማታ ይደክማታል። ከሳምንት በኋላ ሲስተሙ አሞክሳሲሊን 12 ፓኬት አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን 4 ነው ያለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቱ ሲስተሙን አላመኑትም። የተዉት ያን ጊዜ ነው። መክፈል ያቆሙት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው።

አንቺም የምታዪው ክፍያው ሲቋረጥ ብቻ ከሆነ ዘግይተሻል። ምልክቱ ዳታቤዝሽ ውስጥ አስቀድሞ አለ። በየሳምንቱ ሰኞ እያንዳንዱ ፋርማሲ ባለፉት 7 ቀናት ስንት ሽያጭ እንደመዘገበ አውጪ። በቀን 60 ይመዘግብ የነበረው ወደ 15 ከወረደ ደብተሩ ተመልሷል ማለት ነው። የድጋፍ ልጅሽ በዚያው ሳምንት ትሂድ፤ ከባለቤቱ ይልቅ ሻጯን ታናግር፣ ክምችቱንም አብራ ትቁጠር።

አዲስ የሚገቡትን በተመለከተ ደግሞ፣ ሙሉ ክምችቱ ከነባች ቁጥሩና ከነመጠቀሚያ ጊዜው ሳይመዘገብ ሥራ አታስጀምሪ። አሁን ግማሹን መዝግባችሁ «ቀሪውን እነሱ ይጨርሱት» ትላላችሁ፤ እነሱ አይጨርሱትም። ሁለት ሰው ለሁለት ቀን ቢቀመጥ የማምጫ ወጪሽ ከ4,500 ወደ 6,000 ሊወጣ ይችላል። ያዋጣል። አንድ ደንበኛ 10 ወር በመቆየት ፋንታ 20 ወር ከቆየ የሚተውልሽ ከ8,000 ወደ 16,000 ብር ያድጋል። ወርሃዊ ትርፍሽ በ15,000 ዝቅ ስለሚል ግን ከላይ ያየነው 44,600 ወደ 29,600 ይወርዳል፤ ደመወዝሽን ለመድረስ ጥቂት ወራት ትጨምሪያለሽ። ለ2 ወር ያህል የሽያጭ ልጁን ከ10 ወደ 6 አዲስ ደንበኛ ብታወርጂውም አልቃወምም።

ለውሳኔሽ አንድ ፈተና ልስጥሽ። አዲሱን አገባብ ከጀመርሽ በኋላ የሚገቡትን የመጀመሪያ 20 ፋርማሲዎች ለብቻ መዝግቢያቸው። እያንዳንዱ 3 ወር ሲሞላው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም ብለሽ ቁጠሪ። 17 እና ከዚያ በላይ ከቀሩ ቸርንሽ ወደ 5 በመቶ ወርዷል። 14 ወይም 15 ከሆኑ እዚያው 10 ላይ ነሽ፤ ሥራሽን ይዘሽ ምክንያቱን መፈለግ ትቀጥያለሽ። ይህ ሁሉ 6 ወር ያህል ይወስዳል። 17 ከሞላ፣ የ6 ወር የቤት ወጪሽንም ካጠራቀምሽ፣ ልቀቂ እልሻለሁ።

እስከዚያው የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። በሥራ ሰዓት ወይም በድርጅቱ ላፕቶፕ የተሠራ ሶፍትዌር የማን እንደሚሆን የሚናገር አንቀጽ ካለበት፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮዱን በራስሽ ማሽን ላይ ብቻ ሥሪ። አንቀጹ ግልጽ ካልሆነልሽም ለሕግ ባለሙያ አሳዪው።