የዓለም ሰዓት በስልክ፦ ዛሬን ያውቃል፣ የቀጠሮውን ቀን አያውቅም (ጥያቄና መልስ)

እሑድ እሑድ የልጆች የአማርኛ ትምህርት በቪዲዮ ጥሪ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ያሉት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ነው። አስተማሪዋ አዲስ አበባ ናት። ስለ ሰዓት ልዩነት የማውቀውን ያስተማረኝ ይሄ ሥራ ነው። ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ሁለት ነገር አትርሱ፦ ከተማውን እና ቀኑን።

ከዱባይ፦ ስልኬ ላይ አምስት ከተማ አስገብቻለሁ። ማርች 1 ቀን አይቼ ለማርች 15 የቤተሰብ ጥሪ ቀጠርኩ። ዲሲ ያለችው እህቴ ከአንድ ሰዓት በፊት ገብታ፣ ጠብቃ ጠብቃ ወጣች። ስልኩ ነው የተሳሳተው?

ስልክሽ ደህና ነው። የዓለም ሰዓት የሚነግርሽ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ማርች 1 ስታይው ዲሲ ከዱባይ 9 ሰዓት ወደኋላ ነበረች። በዚያ ስሌት የዱባይ ምሽት 7:00 ለእህትሽ ጠዋት 10:00 ይሆናል። ማርች 15 ላይ ግን ልዩነቱ 8 ሆኗል፤ ትክክለኛው ሰዓቷ 11:00 ነበር። መካከል ላይ አሜሪካ ሰዓቷን ቀይራለች።

የእኛን ትምህርት ልንገርሽ፤ እኔም እዚሁ ላይ ነው የወደቅሁት። ትምህርቱ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 18:00። አዲስ አበባ ሰዓት አትቀይርም፣ ዱባይም አትቀይርም። ስለዚህ ዱባይ ሁሌም 7:00 ምሽት ነው። ክረምታቸው ላይ ዲሲ ጠዋት 10:00፣ ለንደን 3:00 ከሰዓት፣ ቴል አቪቭ 5:00 ይሆናል። አሜሪካ የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው። በ2026 ይሄ ማርች 8 ላይ ይውላል፣ በእኛ የካቲት 29። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲሲ ልጆች 11:00 መግባት አለባቸው። ለንደን ግን ገና አልተነካችም። አውሮፓ የሚቀይረው በማርች የመጨረሻው እሑድ፣ በ2026 ማርች 29 ነው። እስራኤል ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ፣ ማርች 27 ትቀይራለች።

በመካከል ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው ሰው የሚያጣሉት። ዲሲና ለንደን ዓመቱን ሙሉ 5 ሰዓት ይለያያሉ ብሎ የለመደ ሰው፣ በእነዚያ ሳምንታት 4 ሆኖ ያገኘዋል። መኸር ላይ ደግሞ አውሮፓና እስራኤል ቀድመው ይመለሳሉ፤ ኦክቶበር 25። አሜሪካ ኖቬምበር 1 ነው። ያቺን አንድ ሳምንት እኔ ሳላስብባት አልፌ ነበር። የለንደን ልጆች አንድ ሰዓት ዘግይተው ገብተው አስተማሪ አጡ። ወላጆቹ በጣም አዘኑ፣ ልክም ነበሩ።

መፍትሔው ለወደፊት ቀን የዓለም ሰዓትን አለማየት ነው። የስልክሽን ካላንደር ክፈቺ። ቀጠሮውን በቀኑ ጻፊው። Time Zone የሚለው ቦታ ላይ አንድ ከተማ ምረጪ፣ የቀጠሮው እናት ከተማ እንበላት። ከዚያ ሁሉንም ጋብዢ። ካላንደሩ የዚያን ቀን ሕግ ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ያሳየዋል። እናት ከተማዋን ግን አትቀያይሪ። እኛ አዲስ አበባን የመረጥነው ስለማትንቀሳቀስ ነው።

አንድ አባል ከሚነሶታ፦ አሜሪካ ሰዓት መቀየር አቁማለች አልተባለም እንዴ?

አላቆመችም። ሴኔቱ በ2022 አጽድቆት ነበር፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን አላሳለፈውም። ስለ ፖለቲካው ሌላ ሰው ይመልስ።

ከአዲስ አበባ፦ ስልኬን በእኛ ሰዓት ነው የሞላሁት። የዓለም ሰዓቱ ግን ለንደንንም ዱባይንም አሳስቶ ያሳየኛል። ለምን?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልክህ 2:00 እንዲል በእጅህ ሞላኸው። ስልኩ ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። አዲስ አበባ አሁን ሌሊት 2:00 ነው ብሎ አመነህ። ከዚያ ተነስቶ ለንደንን ሲያሰላ፣ በክረምታቸው ከሆነ፣ የትናንት ማታ 11:00 ይልሃል። እውነቱ የዛሬ ጠዋት 5:00 ነው። ሁሉም ከተማ እኩል 6 ሰዓት ወደኋላ ተጎትቷል።

ሰውን የሚያታልለው በከተሞቹ መካከል ያለው ልዩነት ልክ መሆኑ ነው። ለንደንና ዱባይን ብታነጻጽር ስህተት አታይም። ለመለየት አንድ መንገድ አለ፦ ለንደን ያለ ሰው ጋር ደውለህ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀው። ዋትሳፕም የስልክህ ቀን ትክክል አይደለም እያለ የሚያስቸግርህ ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ሊሆን ይችላል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የቀንና ሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ሰዓቱን ራሱ እንዲሞላ አድርገው። አይፎን ላይ Set Automatically ይላል።

በእኛ ሰዓት ማየት ከፈለግህ ደግሞ እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩበት መላ አለ። ዓለም ሰዓቱ ላይ Buenos Aires ብለህ የአርጀንቲናን ዋና ከተማ ጨምር። ከአዲስ አበባ ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ሰዓትም አትቀይርም። ስልኩን በ12 ሰዓት አቆጣጠር አድርገው። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እሷ 1:00 AM ትላለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን 1:00 PM ትላለች። ማለትም AM ያለው ለእኛ ቀን ነው፣ PM ያለው ማታ ነው። ቀኗም የሚቀየረው እኛ ጋ ሊነጋ ሲል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ይሄን መጀመሪያ ሳስተውል አያቴ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው ትል የነበረው ትዝ አለኝ። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ቀን ከእሷ አትውሰድ። Yesterday የሚል ታገኛለህ።

አንድ አባል ከስቶክሆልም፦ ይሄ ሁሉ ለምን? ባለ ዘንግ ሰዓት ላይ አጭሩ ዘንግ ከሚያመለክተው ትይዩ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ነው ያነበበው።

ልክ ነህ፣ ግን የአዲስ አበባን ሰዓት የሚያሳይ ሰዓት ካለህ ነው። የስቶክሆልምን ሰዓት እያየህ ትይዩውን ካነበብህ ለእኛ አይሆንም። በክረምታችሁ 2 ሰዓት፣ በበጋችሁ 1 ሰዓት መጨመር አለብህ።

አንድ አባል ከዲሲ፦ ሳኦ ፓውሎም ይሠራል፣ እኔ እሷን ነው ያስገባሁት።

አሁን ይሠራል። ብራዚል ሰዓት መቀየር ያቆመችው በ2019 ነው።

የኢትዮጵያና የአሜሪካ ልዩነት ስንት ነው?

የትኛው ከተማ? በየትኛው ቀን? እላይ ጽፌዋለሁ።

ከፊኒክስ፦ ጓደኛዬ ዴንቨርን አስገቢ፣ አንድ ዞን ናችሁ አለኝ። ክረምቱን ልክ ነበር፣ አሁን ግን እናቴ ስደውል ተሳስተሻል ትለኛለች።

ጓደኛሽ ግማሹን ነው የነገረሽ። ሁለታችሁም ክረምት ላይ አንድ ሰዓት ናችሁ። ዴንቨር ማርች ላይ ትቀይራለች። አሪዞና ግን ከናቫሆ ሕዝብ ግዛት በስተቀር ሰዓት አትቀይርም። ስለዚህ ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ዴንቨር ከአንቺ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ከፊኒክስ ሁሌም 10 ሰዓት ትቀድማለች፣ በጋም ክረምትም። ዴንቨርን አጥፊና Phoenix ብለሽ የራስሽን ከተማ አስገቢ። የራስ ከተማ ዝርዝሩ ውስጥ እያለ ጎረቤት ከተማ አይመረጥም።

አንድ አባል ከሲያትል፦ እኔም እኮ ዋሽንግተን ብዬ አስገብቼ ሦስት ሰዓት ሳትኩ።

ያስገባሃት ዋና ከተማዋን ነው። አንተ ያለኸው ዋሽንግተን ግዛት ነው። Seattle በል።

ምርጡ አፕ የትኛው ነው? ባትሪስ ይበላል?

ስልኩ ይዞት የመጣው ይበቃል። ስለ ባትሪ ሌላ ቦታ ጠይቅ።

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ ከሪያድ ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እገባለሁ አለችኝ። ሪያድን ሳያት ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ኤርፖርት መቼ ልሂድ?

ሰዓቱ አንድ ነው፣ እዚህ ላይ ስህተት የለም። ያልታወቀው ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በትኬት 02:00 ነው። ትኬቱ ላይ ማክሰኞ 02:00 ካለ፣ ሰኞ ማታ ሳትተኛ መውጣት አለብህ። ረቡዕ 02:00 ካለ ደግሞ ማክሰኞ ማታ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ልዩነት አለው። የትኬቱን ፎቶ አስልካት።

የአሜሪካ ዘመድ ካላችሁ ይሄ ይብሳል። አዲስ አበባ ረቡዕ 02:00 ሲሆን ዲሲ ገና ማክሰኞ ምሽት ነው። ስልኩ ከከተማዋ ስም አጠገብ በትንሽ ፊደል Yesterday ይላል። ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያልፈዋል። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ያቺን ቃል አንብቡ።

አንድ አባል ከአዳማ፦ ማክሰኞ ሌሊት ከተባለ የማክሰኞ ቀን ካለቀ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

አንዲት አባል ከጎንደር፦ ሰው ሁሉ አትበል። በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው። የማክሰኞ ሌሊት ማለት ለማክሰኞ የሚነጋው ነው።

ከአዳማ፦ እህቱ በአውሮፕላን ነው የምትመጣው፣ ለማኅሌት አይደለም።

ከጎንደር፦ የቃሉ ትርጉም በመጓጓዣው አይቀየርም።

ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ፤ በዚህ አልፈርድም። እናቴ የምትለው እንደ ጎንደሯ ነው፣ የሚስቴ ቤተሰብ እንደ አዳማው ነው። ለዚህ ነው እኔ "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ" ብዬ የምጽፈው። ሁለቱንም ቀን ስትጠሩ የሚሳሳት የለም።

ከአዲስ አበባ፦ ትኬቱን ላከችልኝ። ማክሰኞ 02:00 ይላል፣ ግን መነሻው ነው መድረሻው አልገባኝም።

ከአዲስ አበባ ስም ጋር የተጻፈው ነው የአንተ። እያንዳንዱ ሰዓት የሚጻፈው በዚያው ከተማ አቆጣጠር ነው። 02:00 ከሪያድ ጋር ከሆነ መነሻዋ ነው፣ የሚቀጥለውን መስመር ተመልከት።

ከዱባይ፦ ካላንደሩ ላይ ሞላሁት፣ እናት ከተማዬ ዱባይ ናት። ለኖቬምበር 1 ምሽት 7:00 ስጽፍ ለዲሲ 10:00 ጠዋት አለኝ፤ ለኦክቶበር 25 ግን 11:00። ልክ ነው?

ልክ ነው። ኦክቶበር 25 ላይ አሜሪካ ገና አልተመለሰችም። ለእህትሽ ሁለቱንም ቀን ለየብቻ ጻፊላት።