የአሲዱን ግራፍ በማስመሪያ አትጨርሰው

«ጅማ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የፖታሲየም ክሎራይድና የአሴቲክ አሲድ ሞላር ኮንዳክቲቪቲ ለክተን ሪፖርት እንድናስገባ ታዘናል። የጨዉ ነጥቦች ቀጥ ባለ መስመር ላይ ዋሉ፤ የአሲዱ ግን ተጣመመ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? ማስረከቢያው ዓርብ ነው።»

ወንድሜ፣ መሣሪያውን ተወው፤ ደህና ነው። መጣመም ያለበት ነገር ነው የተጣመመው። እኔም እዚሁ ጅማ ስማር በዚህ ግራፍ ሰበብ ሪፖርቴ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ማስመሪያው ለጨዉ ብቻ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 0.1 ሞላር ላይ 128.9፣ 0.01 ላይ 141.2፣ 0.001 ላይ 146.9 ይሰጣል (አሃዱ ሁሉ ሲመንስ ስኩዌር ሴንቲሜትር በሞል ነው)። ጨዉ ገና ሲሟሟ አዮኖቹ በሙሉ ተለያይተዋል። ስታቀጥነው የሚለወጠው አዮኖቹ አንዱ ሌላውን መጎተታቸው መቀነሱ ብቻ ስለሆነ ጭማሪው ትንሽ ነው። በክምችቱ ስኩዌር ሩት፣ በ√c፣ አንጻር ስትስለው መስመሩን እስከ ዜሮ ብትዘረጋው 149.5 አካባቢ ታገኛለህ፤ ትክክለኛው 149.8 ነው። ኮልራውሽ ያገኘው ይህንን ነው።

እኔ ታዲያ ጨዉ ስለሠራልኝ አሲዱንም እንደዚያው አደረግሁት። የአሴቲክ አሲድ ቁጥሮቼ 5.2፣ 16.2 እና 49.2 ነበሩ፣ በእነዚያው ሦስት ክምችቶች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ላይ ማስመሪያ አስቀመጥኩና ዜሮ ላይ 64 አነበብኩ። ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። ረዳት መምህሩ ገጹን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለኝና ክፍሉ ፊት ሳቀብኝ። ስህተቱን ግን አልነገረኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሳቁ ሳይሆን ዝምታው ነው።

ስህተቱን ራሴ ያገኘሁት የአሲዱን የመለያየት ቋሚ ሳሰላ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ለ64 አካፍዬ አዮን የሆነውን ድርሻ α አገኘሁ፣ ከዚያ

Ka = cα²/(1 − α)

ብዬ ሳሰላ ለ0.1 ሞላር 0.0007፣ ለ0.001 ሞላር 0.0026 ወጣ። ቋሚ የተባለ ነገር ከሦስት እጥፍ በላይ ሲለዋወጥ ያን ጊዜ ነቃሁ። አንተም በዚህ ፈትሽ።

ትክክለኛው መንገድ አሲዱን ወደ ዜሮ መሳብ ሳይሆን ከሌሎች መገንባት ነው። አዮኖች እጅግ ሲቀጥኑ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ስለሚጓዙ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ 426.1፣ ከሶዲየም አሴቴት 91.0 ደምረህ የሶዲየም ክሎራይድን 126.4 ስትቀንስ 390.7 ይመጣል። በዚህ ብታካፍል ሦስቱም ክምችቶች 0.000018 ይሰጡሃል። 64 የት፣ 390 የት!

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በ0.1 ሞላር ከአሲዱ ሞለኪውሎች 1.3 በመቶው ብቻ ነው አዮን የሆነው፤ በ0.001 ደግሞ 12.6 በመቶ። ስታቀጥነው አዲስ አዮን ይወለዳል፤ ጨዉ ግን የሚወልደው የለውም። ስለዚህ ኩርባው ዜሮ ሲቃረብ ሽቅብ ይተኮሳል። «እንግዲያው ይበልጥ ላቅጥነው» እንዳትል፤ እኔ ብዬ ነበር። 0.00001 ሞላር ላይ እንኳ ገና 280 ገደማ ነው፣ የብጥብጡ ኮንዳክቲቪቲም 2.8 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ ከተራ የተጣራ ውሃ ንባብ አይለይም።

2. ስለ ውሃው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ የለህም ብሎ ሦስት ቀን ካመላለሰኝ በኋላ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን ሰጠኝ። ባዶውን ውሃ ብለካው 11 ማይክሮሲመንስ አነበበ! የ0.001 ሞላሩ አሲድ ራሱ 49 ብቻ ነው፤ አንድ አምስተኛ ያህል ስህተት ማለት ነው። ፖታሲየም ክሎራይዱ 147 ስለሆነ ብዙም አይሰማውም፤ ለዚህ ነው ጨዉ ሁልጊዜ የሚያምርልን። ከመጀመርህ በፊት ውሃውን ብቻውን ለካ።

3. ሙቀቱንም መዝግብ። ክረምት ላይ የጅማ ቤተ ሙከራ 25 ዲግሪ አይሞላም፣ አንድ ዲግሪም ወደ ሁለት በመቶ ያዛባል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተህ ለካ፣ እኔ በአሮጌ ድስት ነው ያደረግሁት።

በሦስተኛው ሙከራ 0.000018 ሲወጣልኝ ክፍሉ በሙሉ ሠንጠረዤን ገለበጠ። ያ ረዳት መምህር ግን ስለዘገየሁ ሦስት ነጥብ ቀነሰብኝ፤ የዘገየሁት ውሃ ፍለጋ መሆኑን እያወቀ።